የይታይሽ ፍሪጅና ባለ አምስት ሺው ስታብላይዘር

ቆሰበር ላይ ፍሪጅ ጠጋኝ ሆኖ መኖር፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ቆሞ ውኃ እንደ መሸጥ ነው። ከተማዋ ራሷ ፍሪጅ ናት። እንጅባራ የሚለው ስሟ በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ላይ ተመችቶት ይቀመጣል እንጂ፣ ቆሰበር ብሎ የሚጠራት ነዋሪዋ ክረምት ከገባ ጋቢውን ከትከሻው አያወርድም። ታዲያ ፍሪጅ ለምናችሁ ነው ቢባሉ መልሳቸው ጾም ነው። ሰው ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ላም ግን አትጾምም። ወተቱ በጾሙ ቀን ከገጠር ይመጣል፣ የሚጠጣው ሰው በማግሥቱ ይመጣል፤ በሁለቱ መካከል ወተቱን የሚያቆየው ነጩ ሣጥን ነው።

የቆሰበር ፍሪጅ ደግሞ በሙቀት አይሞትም። የሚገድለው መብራት ነው፤ ያውም ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ። መብራት ሲሄድ ሻማ ሻጩ ይጠቀማል፣ ሲመጣ ፍሪጅ ጠጋኙ ይሄነው። ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ በአንድ አፍ ሲጮኽ፣ የይሄነው ስልክም ከጩኸቱ ብዙ ሳይቆይ ይጮኻል።

ይሄነው የዘንገና ገበሬ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ሙያውን ተምሮ ተመለሰና፣ ከሚኒባስ መናኸሪያው ጀርባ ከወገኔ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ተቀመጠ። አርባዎቹን ጀምሯል፤ አላገባም። ሲናገር ዓይኑን ወደ ሰው አያነሣም፤ ስለ ፍሪጅ ሲሆን ግን ምላሱ ይፈታል። ደግሞ የሚሰብከው በገዛ እንጀራው ላይ ነው።

«መብራት ሲሄድ ንቀሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ቆዩና ሰኩ። ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ እኔን አታዩኝም» ይላል።

ደንበኞቹ ያመሰግኑታል። መብራት ሲመጣ ግን «መጣ!» ብለው ይሰኩታል፤ እሱንም መልሰው ያዩታል።

«አንተ ሰውዬ» ይለዋል ወገኔ፣ «ቄስ ኃጢአት ቢጠፋ ደስ ይለዋል፤ ደመወዙ ሌላ ነውና። አንተ ግን የሰው ፍሪጅ ጤነኛ ቢሆን ምን ልትበላ ነው?»

ይሄነው ሥራው ላይ ያቀረቅራል። እንደ እውነቱ ከሆነ በከተማው ውስጥ ጤና እንዲሆን ከልቡ የሚመኘው አንድ ፍሪጅ ብቻ ነበር። እንዲበላሽ የሚመኘውም ያንኑ ነበር።

ፍሪጁ የይታይሽ ነው። ይታይሽ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር እርጎ ቤት አላት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ ጊዜ አግብታ፣ ባሏ ወደ መተማ ሄዶ በዚያው ሌላ ጎጆ ስለ ቀለሰ ከእናቷ ከእማማ እንቁ ጋር ትኖራለች። እርጎዋ ወፍራም ነው፤ ንግግሯ ደግሞ ቀጭንና ስል ነው። ተማሪው ሁለቱንም ወድዶ ይመጣል።

በሁለት ክረምት ውስጥ ፍሪጇ ሦስት ጊዜ ታመመ። መጀመሪያ ሞተሩን የሚያስነሣው ትንሽ ዕቃ ተቃጠለ። ቀጥሎ ሙቀት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥለት መከላከያ ሄደ። በመጨረሻ ሞተሩ ራሱ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ አንድ ቀን አቃስቶ ዝም አለ። ሦስቱንም ጊዜ ይሄነው መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ቆየ፤ ሦስቱንም ጊዜ እርጎ በሚጥሚጣ ቀረበለት። እሱም የወደደው እርጎውን መሆኑን ለራሱ ነገረው።

በሦስተኛው ጊዜ ይታይሽ ወገቧን ይዛ ቆመችበት።

«አያ ይሄነው፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ይህ ፍሪጅ ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚያደርገኝ?»

«እሱ ምን አደረገ? የሚገባው ነገር ነው እንጂ» አለ፤ ዓይኑ ሶኬቱ ላይ ነበር። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ሰክቶ አሳያት። «ሊያገኝ የሚገባው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት አካባቢ ነው። አሁን ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱንና ምድጃውን ሲለኩስ፣ ይኸው፣ መቶ ሃምሳ አምስት። ጉልበት አንሶታል። ሞተሩ ለመነሣት ይሞክራል፣ አይችልም፤ ባልቻለ ቁጥር ብዙ ይስባል፣ ይግላል። ሰው ሁሉ ሲያጠፋ ደግሞ ሁለት መቶ ሃምሳ ይሆናል። ሄዶ ሲመጣማ ከዚያም በላይ ይዘላል።»

«እኔም ሰው ሁሉ ሲያጠፋ ነው ደህና የምሆነው» አለች ይታይሽ። «ታዲያ መድኃኒቱ?»

ይሄነው ወደ ሰማይ የተጋበዘ ያህል ደስ አለው። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ስለ ስታብላይዘር ነገራት። ውስጡ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ እንዳለ፣ ከሽቦው ላይ በየደረጃው መውጫ መውጫ እንደተበጀለት፣ የሚገባው ቮልቴጅ ሲወርድ «ቀጭ» ብሎ ከፍ ወደሚያደርገው መውጫ እንደሚሸጋገር፣ ሲበዛም «ቀጭ» ብሎ ዝቅ እንደሚያደርግ፤ ከአቅሙ ውጭ ሲሆንበት ግን ከመታገል ይልቅ ጨርሶ ቆርጦ እንደሚቀመጥ።

«አስተዋይ ነዋ» አለች።

«ከአስተዋይነቱ የሚበልጠው ትዕግሥቱ ነው» አለ ይሄነው። «መብራት ሲመጣ ወዲያው አያሳልፍም፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ለምን? ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ሲቆም፣ ጋዙ በአንድ በኩል ተጨንቆ፣ በሌላው በኩል ሳስቶ ይቀራል። ሁለቱ ወገን ቀስ ብሎ እስኪስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። ሳይስተካከል ብታስነሺው፣ የተዘጋ በር በትከሻ እንደ መግፋት ነው። በሩ አይከፈትም፤ ትከሻው ይሰበራል። ያቃስታል፣ ይግላል፣ መከላከያው ቀጭ ብሎ ያጠፋዋል፤ ይህ ከተደጋገመ ጥቅሉ ይቃጠላል።»

ይታይሽ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ታዳምጥ ነበር። ይሄነው ስለ ጋዝ የምታዳምጥ መሰለው።

«ምን ያህሉን ልግዛ ታዲያ? ሱቅ ሄጄ ስታብላይዘር ስጡኝ ልበል?»

«እንዳትዪ! ለቴሌቪዥን የሚሆን ትንሽ ይሰጡሻል። የፍሪጅሽ ጀርባ ላይ መቶ ሠላሳ ዋት የሚል ተጽፏል። እሱ ግን እየሄደ ሳለ ነው። የጋሪ ፈረስ አይተሻል? ጋሪው ከተንከባለለ በኋላ እያዘገመ ይጎትተዋል፤ ከቆመበት ሲያስነሣው ግን አንገቱ ይገተራል። ሞተሩም ሲነሣ ለቅጽበት አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል፤ ሰባት መቶ፣ ስምንት መቶ በዪው። ደግሞ ስታብላይዘሩ ላይ ሺህ ተብሎ ቢጻፍበት፣ ቮልቴጁ መቶ ሃምሳ ሲወርድ ሺውን አይሸከምም፤ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ስለዚህ ባለ ሺህ አምስት መቶ፣ ከመቶ አርባ ጀምሮ የሚያነሣ፣ ማቆያ ያለው። ላስመጣልሽ እችላለሁ።»

«አስመጣልኛ።»

አስመጣ። ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጣለት። ግን ሳይፈትን ዕቃ መስጠት አይወድምና ሱቁ ውስጥ ሰካው። በዝቅተኛው ፈተነው፣ በከፍተኛው ፈተነው፤ ማቆያውን በሰዓት ለካው፤ አንድ ቀን ትክክል ሆነ፣ በሁለተኛውም ትክክል ሆነ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ ተጋመሰ።

«ምነው ይህን ዕቃ አትሰጣትም?» አለው ወገኔ።

«እየፈተንኩት ነው።»

«ዕቃውን ነው ወይስ ራስህን?»

ይሄነው ማቆያውን እንደገና በሰዓት ለካው። ዕቃው ከተሰጣት ፍሪጁ አይበላሽም፤ ፍሪጁ ካልተበላሸ የሚጠራው የለም። ይህን ሐሳብ እንደ ሐሳብ አስቦት አያውቅም፤ እጁ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ በየጠዋቱ ዕቃውን ነቅሎ ሊወስድ ያነሣና እንደገና ሊፈትነው ይሰካዋል።

እሱ ሲፈትን ዳንግላ ያለው ደረሰ ቀደመው። ደረሰ ዲከረንስ ከሚሉት ዛፍ የሚወጣ ከሰል ይነግዳል፤ አይሱዙ የጭነት መኪና አለው፤ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። በቆሰበር ባለፈ ቁጥር ይታይሽ ቤት አቁሞ ሁለት ብርጭቆ እርጎ ይጠጣ ነበር፤ ለሰውነቱ ከሚበቃው አንድ ብርጭቆ የበለጠ ማለት ነው። የፍሪጁን ችግር ሰማ። አንድ ቅዳሜ ሁለት ወዛደር ያንገዳገደ ካርቶን ከመኪናው አወረደ።

ባለ አምስት ሺህ ስታብላይዘር ነበር። ፊቱ ላይ ሁለት መርፌ የሚወዛወዝበት ሰሌዳ፣ ቀይና አረንጓዴ መብራት፣ ጀርባው ላይ መሸከሚያ እጀታ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አየው። ወገኔ በማግሥቱ ለይሄነው ወሬውን ሲያደርስ እንዲህ አለ፦

«ሰው ሽማግሌ ሲልክ አይቻለሁ። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሽማግሌ የላከ ግን ደረሰ የመጀመሪያው ነው።»

እማማ እንቁ ስታብላይዘሩን በእጅ በተሠራ ነጭ ዳንቴል አለበሱት። በላዩም የፕላስቲክ አበባ አስቀመጡ። ከዚያ ልጅ ልከው ሳይሆን ራሳቸው በባጃጅ መጥተው ይሄነውን ጠሩት።

«ልጄ ይሄነው፣ አንተ የምታውቅ ነህ። ናና ስካልን። ደህና ዕቃ ከሆነም ደህና ነው በለን፤ ካልሆነም ንገረን። ሰውዬው የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ሊልክብን ነው፤ በዕቃው ሰውየውን እናውቀዋለን።»

ይሄነው የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ከኋላቸው ተቀመጠ። ባጃጁ ኮረኮንቹ ላይ ሲዘል ቦርሳውን አቀፈ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ለመነ፤ ዕቃው ብልሹ እንዲሆን።

ዳንቴሉን ገለጠ። ክዳኑን ፈታ፤ ጥቅሉን አየ፤ ሽታውን ማገ። ቴስተሩን ሰካ። ይታይሽ በሩ ጥግ ቆማ አንድ ጊዜ እጁን፣ አንድ ጊዜ ፊቱን ታያለች። እማማ እንቁ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«እህ?» አለች ይታይሽ።

«ከመቶ አርባ ያነሣል።»

«እና?»

«ከመጠን ሲያልፍም ይቆርጣል።»

«በጣም ትልቅ አይደለም? አንተ ሺህ አምስት መቶ ነበር ያልከኝ። ይህን ያህል ትልቅ ነገር ፍሪጁን አያቃጥለውም?»

የይሄነው ዕድል እግሩ ሥር መጥታ ተኛች። አዎ ቢል ማንም አይከራከረውም። አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ግን ሙያው ነበር።

«አያቃጥልም። ፍሪጁ የሚስበው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ትልቅ እንስራ ገዛሁ ብለሽ ብዙ ውኃ አትጠጪም። ቦታ ይይዛል፣ ራሱም ትንሽ ይበላል፤ ሌላ ጉዳት የለውም።»

«ምንም እንከን የለውም?»

«ምንም።»

«ይኸ ቁልፍስ ምንድን ነው?» አለች፤ ከፊቱ በኩል ያለችውን ትንሽ ቁልፍ እየጠቆመች። ድምፅዋ ውስጥ የሰጠመ ሰው ገመድ ሲፈልግ የሚያሰማው ነገር ነበረ።

«ማቆያው ነው። ሲወጣ ሦስት ደቂቃ ይቆያል፤ ሲጫኑት ስድስት ሰከንድ ብቻ። አጭሩ ለመብራትና ለቴሌቪዥን ነው። ለፍሪጅ ረጅሙ። መቼም እንዳትነኪው፤ መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ አጭሩ ላይ ከሆነ፣ ያ የነገርኩሽ በር በትከሻ መግፋት ይመጣል።» ከቦርሳው ጥቁር የሽቦ ፕላስተር ቆርጦ በቁልፏ ላይ ለጠፈባት። «እነዚህ ሽንቁሮች ደግሞ መተንፈሻዎቹ ናቸው፤ እማማ፣ ዳንቴሉ ይነሣ፤ ይታፈናል።»

«ሙሽራ ልብሷን ትገፈፍ?» አሉ እማማ እንቁ። ተደራደሩ። ዳንቴሉ አናቱ ላይ ብቻ እንዲቀር፣ አበባው ግን ወደ ቴሌቪዥኑ እንዲዛወር ተስማሙ።

«ስለዚህ ጥሩ ነው» አለች ይታይሽ።

«ጥሩ ነው።»

«በጣም ጥሩ?»

«በጣም ጥሩ።»

«በል እንግዲህ፣ አያ ይሄነው» አለች፤ «እግዜር ይስጥልን። ከእንግዲህስ አንቸግርህም።» እርጎ አላቀረበችለትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ይሄነው በእግሩ ተመለሰ፤ እውነት የተናገረ ሰው ቀለል ይለዋል ሲሉ ሰምቶ ነበር፤ ቦርሳው ግን ሲመጣ ከነበረው ከበደው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ደረሰ ራሱ እንደ ወጉ አልገባም፤ ከአይሱዙው ውስጥ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ይጠብቃል። ይሄነው በዚያን ቀን ሱቁን ከፍቶ፣ በእሑድ የማይሠራውን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ማለትም ባዶ ጠረጴዛ ይወለውላል። ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ከፋግታ በኩል ተንከባለለ። መብራት ሄደ፣ መጣ፤ ሰፈሩ «መጣ!» አለ፤ እንደገና ሄደ፣ እንደገና መጣ።

ስልኩ ጮኸ። እማማ እንቁ ነበሩ።

«ድረስ ይሄነው! ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ፍሪጁ እንደ ወላድ አቃሰተ! አሁን ደግሞ ጨርሶ ጠፍቷል፤ እያለ እያለ ቀጭ ይላል። አንተ ነህ ጥሩ ነው ያልከን!»

ይሄነው በዝናብ ሮጠ። ሲደርስ ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ቆሙ ነው፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ መቀመጥ ወጉ አይደለም፤ ጉዳያቸውን እንዳይናገሩ ደግሞ ፍሪጁ በመጨረሻው ሰዓት ቃሉን ከአፋቸው ነጠቃቸው። ትልቁ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው «እኛ እኮ ለመልካም ነገር ነው የመጣነው» ይላሉ፤ የሚያዩት ግን ፍሪጁን ነው።

«ሽማግሌ አፉን ሲከፍት የቤት ዕቃ ካቃሰተ ገዱ ደግ አይደለም» አሉ እማማ እንቁ በሹክሹክታ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ።

ይሄነው ፍሪጁን ከግድግዳው አራቀ። ኮምፕሬሰሩን በመዳፉ ጀርባ ነካው፤ ይፋጃል። ከዚያ ወደ ስታብላይዘሩ ዞረ። ሁለቱ መርፌዎች ደህና ናቸው። ቁልፏ ግን ገብታለች። ፕላስተሩ የለም። አልተቀደደም፤ ጠርዙ በጥፍር ተነሥቶ በጥንቃቄ ተልጧል።

መጀመሪያ ያሰበው ደረሰን ነው። ደረሰ ግን መኪናው ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ከበሩ ርቀው አልገቡም። እማማ እንቁ ይህችን ቁልፍ ከነመኖሯም ረስተዋታል። ይሄነው ቀና አለ። ይታይሽ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። በነጠላዋ ጥለት ላይ አንዲት ጥቁር ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፋለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ወደ ፊቷ አነሣ፤ ዓይኑም እዚያው ቆየ። ያንን ሁሉ ስለ ጋዝና ስለ በር ያወራውን ቃል በቃል ይዛው ነበር። ፍሪጅ እንዴት እንደሚድን ባስተማራት ትምህርት ፍሪጅ እንዴት እንደሚታመም አወቀች። እስከ ዛሬ ከሁሉም ደንበኞቹ ትምህርቱ የገባት አንዲት እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ገልብጣ ሠራችበት።

«ምንድን ነው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ሞተ ወይስ አለ?»

እዚህ ላይ ነበር ጉዳዩ። አልሞተም። መከላከያው ሙቀቱን አይቶ ቆርጦታል፤ ቁልፏን መልሶ፣ ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ቢያሳርፈው እንደ ፈረስ ይነሣል። ይህን ቢናገር ሽማግሌዎቹ ሳቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ገዱ ይመለሳል፣ ጉዳዩ ይቀጥላል። ይሄነው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አንድም ዕቃ ላይ ዋሽቶ አያውቅም።

ሶኬቱን ነቀለ። ገመዱን በዝግታ ጠቀለለ።

«አባቶቼ፣ ይህ ዕቃ ማረፍ አለበት» አለ። «በግድ እናስነሣው ካልን ይቃጠላል።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። እንደዚያ ቀን ዓይነት እውነት ተናግሮ ግን አያውቅም።

«እስከ መቼ?»

«አሁን እንዲህ ብሎ ሰዓት ለመቁረጥ ያስቸግራል። ሞተር ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ያልቀዘቀዘ ነገር ላይ ነገር አይጨመርም። በሌላ ቀን እንመጣለን» ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ። እማማ እንቁ እስከ መንገዱ ሸኟቸው፤ ከአይሱዙው ዘንድ ረጅም ንግግር ተሰማ።

ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ሞተሩ ቢቃጠልስ ኖሮ?» አለ ይሄነው፤ ከልቡ ተቆጥቷል። «ሁለት ጊዜ ነው ያቃሰተው! ሦስተኛው ይጨርሰው ነበር! ስንት ጊዜ ነገርኩሽ!»

«ቢቃጠል ትመጣ የለ?»

«እኔ እኮ . . . »

«አንተ እኮ እንከን የለውም አልክ። እኔ እዚያ ጥግ ቆሜ፣ አንዲት እንከን፣ ዝገት እንኳ ብትሆን፣ እያልኩ ስጸልይ፣ አንተ ስለ እንስራ ታወራለህ።» ፕላስተሯን ከጥለቷ ላይ አንሥታ እጁ ላይ ለጠፈችበት። «ማንም ሰው እንዳንተ ሲያስረዳ አላየሁም። እንዳንተ የማይገባው ሰውም አላየሁም።»

ይሄነው ፕላስተሩን አየ። ብዙ ነገር ሊል ፈልጎ፣ «ባለ ሺህ አምስት መቶው ተፈትኖ አልቋል» አለ።

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ።»

ይታይሽ ሳቀች። ሳቋ እማማ እንቁ እስኪገቡ አላለቀም፤ ፍሪጁም እስከዚያ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሰኩትና ያለ አንዳች ማቃሰት ተነሣ። እማማ እንቁ ፍሪጁን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ይሄነውን አዩ። ሰባ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው።

«ሞተር ነው አልክ?» አሉት።

«አዎ፣ እማማ።»

«እህም።»

በሁለተኛው እሑድ ወገኔ ለይሄነው ሽማግሌ ሆኖ ሁለት አዛውንት አስከትሎ መጣ፤ ለአገር ሽማግሌነት ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ ከበሩ ሊመለስ ደርሶ ነበር። እማማ እንቁ ወግ አጥብቀው ሁለት ጊዜ አመላለሷቸው። በሦስተኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ የሰው ዕቃ በቤታቸው ተቀምጦ ልጃቸውን ለሌላ ሰው አይድሩም። ባለ አምስት ሺው ለባለቤቱ ይመለስ፤ መላሹም ይሄነው ራሱ ይሁን።

እናም ይሄነው የዳንግላ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ሃያ ኪሎውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ረዳቱ ለዕቃው የሰው ሒሳብ ጠየቀው። አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ «ወንድም ጋሼ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነው ይሄ?» አለችው፤ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ። እግሩ ደንዝዞ ዳንግላ ገባ።

ደረሰ ከሰል መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ዕቃውን አየ፤ ይሄነውንም አየ፤ ወንበር አቀረበለት። 

«ተበላሸ?» አለ ደረሰ።

«የለም።»

«አነሰ?»

«ኧረ! አምስት ፍሪጅ ይሸከማል።»

«እኔ አምስት ፍሪጅ የለኝም። አንድም የለኝ፤ ከሰል አይቀዘቅዝ።» መርፌዎቹን በጥቁር ጣቱ ቀስ ብሎ ነካካቸው። «እኔ ሻጩን ትልቁን ስጠኝ ነው ያልኩት። ንገረኝ እስቲ፣ አንተ ባለሙያ ነህ፤ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

ይሄነው ስለ መነሻ ጉልበት፣ ስለ ዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ ስለ ማቆያ ሁሉንም ያውቃል። ደረሰ የገዛው ዕቃ በአንዱም አልተሳሳተም። እውነቱን ቢናገር ሰውየውን ያሳዝነዋል፤ ቢዋሽ ዕቃውን ያሳዝነዋል።

«በምንም አልተሳሳቱም» አለ። «ዕቃው በጣም ጥሩ ነው።»

ደረሰ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ተነሣና ስታብላይዘሩን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ወደ ቢሮው አስገባ። ለይሄነው ቡና አዞለት፣ እስኪመጣ ሲጠብቁ፣ ቴሌቪዥኑን በስታብላይዘሩ በኩል እንዲሰካለት ለመነው። ይሄነውም ጎንበስ ብሎ ሰካለት፤ ለቴሌቪዥን ነውና ማቆያውን አጭሩ ላይ አደረገው።